ደካማ ኮኔክሽን ላይ በትንሽ ዳታ የሚከፈቱ የዌብሳይት ላይት ቨርዥኖች፣ የምታውቁትን አካፍሉኝ

ብርሃን_ተ
ሰላም ለሁላችሁ። አሁን ያለሁበት ቦታ ኔትወርኩ በጣም ደካማ ነው፣ ሲግናሉ አንድ መስመር ወይ ሁለት መስመር ነው የሚያሳየው፣ ዳታ አለኝ ግን ገጽ ስከፍት ነጭ ሆኖ ይቆያል፣ ከዛ ግማሹ ይመጣና ላነብ ስል ማስታወቂያ ገብቶ ጽሁፉን ወደ ታች ይገፋዋል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይቋረጥና እንደገና ከመጀመሪያው። የምፈልገው ብዙ አይደለም፣ ዜና (በተለይ ቢቢሲ አማርኛ)፣ ሰርች ማድረግ፣ ዊኪፒዲያ፣ አልፎ አልፎ ፌስቡክ። ቪዲዮ ቀርቶብኛል። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ክሮም ላይ ላይት ሞድ አብሪ የሚል ጽሁፍ በየቦታው አገኛለሁ ግን ሴቲንጉ ውስጥ ፈልጌ የለም። ስልኬ አንድሮይድ ነው፣ ቆየት ያለ። ዌብሳይቶቹ ራሳቸው ያዘጋጁት ቀለል ያለ ገጽ አለ ወይ? ካለስ እንዴት ነው የሚገኘው?

ሚኪ_21
ቀላል ነው፣ አድራሻው ፊት ላይ m. ጨምሪበት፣ የሞባይል ቨርዥኑ ይከፈትልሻል፣ እሱ ላይት ነው። ሌላው ደግሞ ብራውዘርሽ ላይ ሪደር ሞድ የሚባል አለ፣ ፎቶውንም ማስታወቂያውንም አጥፍቶ ጽሁፉን ብቻ ነው የሚያሳይሽ፣ ዳታ በጣም ይቆጥባል። ኢንኮግኒቶ ላይ ክፈቺው ደግሞ፣ ምንም ስለማያስቀምጥ ይፈጥናል።

ዳመና
ብርሃን፣ በመጀመሪያ ክሮም ላይት ሞድን መፈለግሽን ተይው፣ በ2022 ጎግል አጥፍቶታል። ጎግል ዌብ ላይትም፣ ዩቲዩብ ጎም በዛው ዓመት ተዘጉ። ጂሜልም የነበረው ቀላሉ ኤችቲኤምኤል እይታ በ2024 ቀረ። ችግሩ እነሱን የሚመክሩት ጽሁፎች አሁንም ሰርች ላይ አንደኛ ሆነው ስለሚወጡ ሰው ይደክማል። እንዲህ አይነት ምክር ስታነቢ መጀመሪያ የተጻፈበትን ዓመት እዪ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ ራሳቸው ያዘጋጁት አለ፣ ያንቺማ የተመቸ ነው። ቢቢሲ አማርኛ ላይ አድራሻው መጨረሻ ላይ .lite ብለሽ ጨምሪ። ማለት bbc.com/amharic የነበረው bbc.com/amharic.lite ይሆናል። ዋናው ገጽ ብቻ ሳይሆን አንድ ዜና ከፍተሽም የዛን ዜና አድራሻ መጨረሻ ላይ .lite ብትጨምሪ ይሰራል። ጽሁፍ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ፎቶ የለም፣ ቪዲዮ የለም፣ ከላይ ይሄ ትንሽ ዳታ የሚጠቀም የጽሁፍ ገጽ ነው የሚል ማሳሰቢያና ወደ ዋናው የሚወስድ ሊንክ አለ። አንድ ነገር ልብ በይ፣ ሊንክ ስትነኪ አንዳንዴ ወደ ሙሉው ገጽ ሊወስድሽ ይችላል፣ ስለዚህ የአድራሻውን ጫፍ በየጊዜው እዪው።

እንግሊዝኛ ዜና ካነበብሽ ደግሞ lite.cnn.com እና text.npr.org አሉ። ሁለቱም የርዕስ ዝርዝር ብቻ ናቸው፣ ስትነኪው ጽሁፉ ይመጣል፣ አለቀ።

የሚያስቸግረው እነዚህን የሚያገናኝ አንድ ህግ አለመኖሩ ነው። አንዱ ፊት ላይ lite ይላል፣ አንዱ text፣ አንዱ መጨረሻ ላይ፣ ሬዲት ደግሞ old.reddit.com ነው። ስለዚህ ለሌላ ሳይት መገመት ብቻውን አያዋጣም፣ የሳይቱን ስም ጽፈሽ ቴክስት ኦንሊ ወይ ላይት ቨርዥን ብለሽ ሰርች አድርጊ፣ ወይም የገጹ ግርጌ ላይ ካሉት ትናንሽ ሊንኮች ውስጥ ፈልጊ።

ሚኪ፣ m. ያልከው ላይ አልስማማም። m. ማለት ለትንሽ ስክሪን የተስተካከለ ማለት ነው እንጂ ለትንሽ ዳታ የተሰራ ማለት አይደለም። ብዙ ቦታ ያው ጃቫስክሪፕት፣ ያው ማስታወቂያ፣ ያው ፎቶ ነው የሚመጣው፣ አቀማመጡ ብቻ ነው የተቀየረው። ኢንኮግኒቶ ደግሞ ከቁጠባ አንፃር ተቃራኒው ነው፤ ብራውዘሩ ትናንት ያወረደውን ሎጎ፣ ፎንት፣ ስክሪፕት ካሽ ላይ አስቀምጦት ዛሬ እንደገና ሳያወርድ ይጠቀምበታል፣ ኢንኮግኒቶ ግን ያን ስለማያይ በየጊዜው ከዜሮ ነው የሚያወርደው።

ብርሃን_ተ
ዳመና እግዚአብሔር ይስጥልኝ!! .lite ብዬ ጨመርኩበት ወዲያው ተከፈተ፣ ያ ነጭ ገጽ የለም፣ ጽሁፉ አንዴ ከመጣ በኋላም አይዘልም። እንደዚህ አይነት ነገር እያለ ለምን ፊት ለፊት አያሳዩንም?

አንድ ያልገባኝ ነገር ግን፣ ፎቶ ስለቀረ ብቻ ነው ይሄ ሁሉ ልዩነት? ሙሉው ገጽ ላይ እኮ ፎቶዎቹ ብዙም አይደሉም።

ናቲ_ኮድ
እኔ ዌብ ላይ ነው የምሰራው፣ በቁጥር ላሳይሽ። የአማርኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ነው የሚይዘው፣ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲሆን። አንድ 700 ቃል ያለው ዜና ብንወስድና አንድ ቃል በአማካይ አራት አምስት ፊደል ነው ብንል፣ ወደ 3,000 ፊደል አካባቢ ይሆናል፣ በ3 ስናባዛው 9 ወይ 10 ኪሎባይት። እሱም ሰርቨሩ ጨምቆ ስለሚልከው መንገድ ላይ ከግማሽ በታች ይወርዳል። በቃ አንቺ የምታነቢው ነገር በሙሉ ይሄ ነው። አንድ መካከለኛ የዜና ፎቶ ብቻውን ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ከዛ ፎንት አለ፣ የግዕዝ ፊደል ብዛት ስላለው ፎንቱ ከላቲኑ ይከብዳል፣ ከዛ ስክሪፕት አለ፣ እሱ ነው ብዙ ጊዜ ትልቁ።

ግን ደካማ ኮኔክሽን ላይ ከመጠኑ በላይ የሚገድልሽ ምልልሱ ነው። ገጹ ከአንድ አዲስ አድራሻ ነገር ለማምጣት መጀመሪያ አድራሻው የት እንደሆነ ይጠይቃል፣ ከዛ ሰላም ይባባላሉ፣ ከዛ ምስጢር ቁልፍ ይለዋወጣሉ፣ ከዛ ነው ጥያቄው የሚሄደው፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አራት ጊዜ መመላለስ ማለት ነው። አንዱ ምልልስ ግማሽ ሰከንድ ከፈጀ አንዲት ባይት ሳትመጣ ሁለት ሰከንድ አለፈ። ሙሉ የዜና ገጽ ደግሞ ለማስታወቂያው፣ ለጎብኚ ቆጠራው፣ ለፎንቱ፣ ለቪዲዮው ወደ ብዙ የተለያዩ አድራሻዎች ነው የሚሄደው፣ አንዱ መንገድ ላይ ከጠፋ ደግሞ ይጠብቀዋል። ዳታ እያለሽ ገጹ ነጭ የሚሆነው ለዚህ ነው። ላይቱ ገጽ ከአንድ አድራሻ በአንድ ፋይል ይመጣል። ሰርቨር መጀመሪያ ላይ መልስ ሳይጠብቅ የሚለቀው ወደ 14 ኪሎባይት አካባቢ ስለሆነ የተጨመቀ አጭር ጽሁፍ በዛች በመጀመሪያዋ ዙር አብዛኛው ይደርስሻል።

ጌታሁን_ወ
ጤና ይስጥልኝ ልጆች። የኔም ችግር ይሄው ነው፣ ዳታዬ በጣም ቶሎ ያልቃል። እኔ ግን ዌብሳይት እንኳን ብዙም አልከፍትም፣ ቴሌግራም ነው የምጠቀመው፣ ልጆቹ በከፈቱልኝ ግሩፕ ገብቼ ነው ወሬ የማነበው፣ ጠዋት ስነሳ ሳልነካው ያልቃል። ይቺን ነጥብ ላይት የምትሏትን የት ብዬ ነው የምጽፋት?

ሰላም_የ
ጋሼ፣ የእርስዎ ነገር ከዚህ የተለየ ነው፣ .lite ለእርስዎ አይጠቅምም፣ እሱ ለዜና ገጽ ነው። እርስዎ ጋ ዳታውን የሚበላው ቴሌግራሙ ፎቶና ቪዲዮውን ራሱ እያወረደ ነው፣ ግሩፕ ውስጥ ሰው የላከውን ሁሉ እርስዎ አዩትም አላዩትም ይወርዳል። ቴሌግራም ውስጥ Settings ይግቡ፣ Data and Storage የሚል አለ፣ እዛ ውስጥ When using mobile data የሚለውን ያጥፉት። ከዛ በኋላ ፎቶው ደብዝዞ ይታይዎታል፣ የፈለጉትን ብቻ ሲነኩት ይወርዳል። ሌላው ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ አፖች በዋይፋይ ብቻ እንዲታደሱ ያድርጉት። ዳታውን የትኛው አፕ እንደበላው ለማየት ደግሞ የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ዳታ አጠቃቀም የሚለው ላይ በዝርዝር ተቀምጧል፣ ልጆቹ ያሳዩዎታል።

ጌታሁን_ወ
ተባረኪ ልጄ። አጥፍቼዋለሁ፣ ነገ አየዋለሁ።

ሚኪ_21
ዳመና m. ላይ ያልከው ይሁን፣ ግን ሪደር ሞድ ይቆጥባል ብያለሁ አሁንም እላለሁ። ፎቶው አይታይም፣ ማስታወቂያው አይታይም፣ ታዲያ ምን አወረደ?

ዳመና
ሚኪ፣ የማይታይና ያልወረደ አንድ አይደሉም። ሪደር ሞድ የሚሰራው ገጹ ከመጣ በኋላ ነው፣ መጀመሪያ ገጹን ያወርዳል፣ ከዛ ውስጥ ጽሁፉ የትኛው እንደሆነ ይለያል፣ ከዛ ሌላውን ይደብቃል። ያ የሪደር ምልክት ራሱ እኮ ገጹ መጥቶ ሲያልቅ ነው የሚወጣው። ለአይን ጥሩ ነው፣ አልክድም፣ ገጹ ሳይጨርስ ቶሎ ከነካኸው የቀረውን ሊያስቆም ይችላል፣ ግን በእሱ መተማመን አይቻልም።

ራስህ ልታየው ትችላለህ። የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የብራውዘሩን የዳታ ቁጥር እይ፣ አንድ አዲስ ዜና ክፈት፣ ሪደር ሞድ አድርገው፣ ተመልሰህ ቁጥሩን እይ። ከዛ ሌላ ዜና በ.lite ክፈትና ቁጥሩን እይ። ያው ዜና ራሱን ደግመህ እንዳትከፍት፣ ካሽ ላይ ስላለ ሁለተኛው ሁልጊዜ ያነሰ ይመስልሃል። ኮምፒውተር ያለው ሰው ደግሞ F12 ተጭኖ Network የሚለው ውስጥ Disable cache ላይ ምልክት አድርጎ ገጹን ሪፍሬሽ ያድርግ፣ ከታች በኩል transferred ብሎ የሚያሳየው ነው በኔትወርክ የመጣው፣ አጠገቡ resources የሚለው ከተፈታ በኋላ ያለው መጠን ነው፣ እሱን አትዩት።

ላይት ቨርዥን ለሌለው ሳይት ደግሞ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፣ ይሄኛው ነው በጣም የሚጠቅመው። ፋየርፎክስ ለአንድሮይድ ላይ uBlock Origin የሚባል ኤክስቴንሽን ይገባል፣ ክሮም ስልክ ላይ ኤክስቴንሽን አይቀበልም ስለዚህ ፋየርፎክስ ያስፈልጋል። እሱ ዝም ብሎ ማስታወቂያ ይከለክላል ብላችሁ እንዳታልፉት፣ ሴቲንጉ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከተወሰነ ኪሎባይት በላይ የሆነ ፎቶና ቪዲዮ እንዳይወርድ ማድረግ ነው፣ ሲገባ 50 ተብሎ ነው የሚመጣው፣ መቀነስ ትችላላችሁ። ያልወረደው ፎቶ ቦታ ላይ ባዶ ሳጥን ይቀመጣል፣ ማየት ከፈለጋችሁ ነክታችሁ ታወርዱታላችሁ። ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣ ፎንት መከልከል ነው፣ ስልካችሁ የራሱ የግዕዝ ፎንት ካለው አማርኛው በእሱ ይነበባል፣ ምንም አይጎድልባችሁም፣ ምልክቶች ብቻ (የሰርች መነጽር ምናምን) አንዳንዴ ባዶ ሳጥን ይሆናሉ። ሦስተኛው ጃቫስክሪፕት ማጥፋት ነው። ይሄ ሳይት የሚሰብር ስለሆነ ለሁሉም በአንዴ አታጥፉት፣ አንድ ሳይት ላይ ሆናችሁ ከሜኑው ኤክስቴንሽን ገብታችሁ ለዛ ሳይት ብቻ አጥፉት፣ የፓድሎክ ምልክቷን ስትነኩ ያስታውሰዋል።

ካጠፋችሁት በኋላ ከሁለት አንዱ ነው የሚሆነው። ወይ ጽሁፉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል፣ ያኔ ሳይቱ የራሱ ላይት ቨርዥን ባይኖረውም እናንተ ሰራችሁለት ማለት ነው። ወይ ገጹ ባዶ ይሆናል፣ ያ ማለት ጽሁፉ ገጹ ውስጥ የለም፣ በስክሪፕት ነው ቆይቶ የሚመጣው፣ እዛ ሳይት ላይ ይሄ መንገድ አይሰራም።

ሳሚ_ኦ
ለምን ታወሳስቡታላችሁ ኦፔራ ሚኒ እያለ? Extreme የሚለውን ታበራላችሁ፣ ፎቶውን ታጠፋላችሁ፣ የፈለጋችሁትን ሳይት ትከፍታላችሁ፣ ላይት ቨርዥን አለው የለውም ብሎ ጣጣ የለም። እኔ በተን ስልክ ከነበረኝ ጊዜ ጀምሮ በእሱ ነው የምጠቀመው። ያኔ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሲሆን opera:config ብለን ገብተን bitmap fonts የሚለውን Yes እናደርገው ነበር፣ ጽሁፉ እንደ ምስል ሆኖ ይመጣል፣ ዳታ ትንሽ ይጨምራል ግን ይነበባል። አሁን እሱም አያስፈልግም።

ሰላም_የ
ሳሚ ለማንበብ ከሆነ እስማማለሁ፣ በጣም ይቆጥባል። ግን ሰው ሳያውቅ እንዳይገባበት አንድ ነገር ልበል። Extreme ላይ ገጹን የሚከፍተው ስልክሽ አይደለም፣ የኦፔራ ሰርቨር ነው፣ እሱ ከፍቶ ጨምቆ የተዘጋጀውን ነው የሚልክልሽ። ስለዚህ ሳይቱ https ቢሆንም መሀል ላይ ያ ሰርቨር ይዘቱን ይፈታዋል፣ ካልፈታው መጭመቅ አይችልም። ዜና ለማንበብ ምንም አይደለም፣ ግን ባንክ፣ ኢሜይል፣ ፓስወርድ የሚጻፍበት ነገር ሁሉ በዚህ መንገድ ባይሆን እመርጣለሁ። ለእሱ ቁጠባውን አጥፉትና ግቡ፣ ወይም በሌላ ብራውዘር።

ሳሚ_ኦ
እኔ ስንት ዓመት ስገባበት ምንም አልሆንኩም፣ የታወቀ ድርጅት ነው፣ የኔን ፓስወርድ ምን ያደርግለታል።

ሰላም_የ
የታወቀ መሆኑን አልተቃወምኩም፣ ምርጫው ያንተ ነው። እኔ የምለው ሰው ምርጫ እንዳለ አውቆ ይግባ ነው። ለሁለት ደቂቃ ቁጠባ ማጥፋት ከባድ አይደለም።

ናቲ_ኮድ
ከደህንነቱ ሌላ Extreme ላይ የሚበላሹ ነገሮችም አሉ። ገጹ ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ ስልኩ ላይ የሚሮጥ ስክሪፕት በጣም ውስን ነው፣ ፎርም ላይ ዝርዝር ስትመርጪ አይወርድም፣ ወይ ላክ የሚለው በተን ዝም ይላል። እንደዛ ሲሆን ኔትወርኩ ነው ብለሽ ደጋግመሽ አትጫኚው፣ ሞዱን ቀይሪው።

ብርሃን_ተ
ፋየርፎክስን ከነኤክስቴንሽኑ አስገባሁት፣ ስልኬ ላይ ትንሽ ይከብዳል ግን ይሰራል። ፎቶውን 50 ላይ ተውኩት። አንድ ሳይት ላይ ጃቫስክሪፕት አጠፋሁና ጽሁፉ እንዳላችሁት ቁጭ አለ።

አሁን የቀሩኝ ሰርች እና ፌስቡክ ናቸው። ጎግል ሰርች ራሱ ቶሎ አይመጣም።

ሚኪ_21
ለጎግል የሰርቹ አድራሻ መጨረሻ ላይ &gbv=1 ብለሽ ጨምሪ፣ ያለ ጃቫስክሪፕት የሚሰራው አሮጌው ገጽ ይመጣል። ፌስቡክ ደግሞ mbasic.facebook.com በይ፣ ከሱ የቀለለ የለም።

ዳመና
ሚኪ ሁለቱም የታወቁ ዘዴዎች ነበሩ፣ እኔም ለሰው ስመክር የኖርኩት ነው፣ ግን አሁን ጊዜያቸው አልፏል። ጎግል ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ሰርቹ ያለ ጃቫስክሪፕት እንዳይሰራ አድርጎታል። mbasicም ለብዙው ሰው ተዘግቷል፣ ወደ m. ነው የሚመልሰው። የሚያሳዝነው እሱ ነው፣ ለደካማ ኮኔክሽን ከተሰሩት ሁሉ ጥሩው ነበር፣ በተን ስልክ ላይ እንኳን ይከፈት ነበር። አሁን ለፌስቡክ የቀረው ፌስቡክ ላይት የሚባለው የአንድሮይድ አፕ ነው። እሱም ቢሆን ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር ሴቲንጉ ውስጥ ገብተሽ ማጥፋት አለብሽ፣ ዳታ ቁጠባውንም አብሪው።

ለሰርች ዳክዳክጎ የራሱ ላይት ገጽ አለው፣ lite.duckduckgo.com/lite። አንድ ሳጥን ነው ያለው፣ ውጤቱ ሊንክና አጭር ጽሁፍ ብቻ ነው፣ ያለ ጃቫስክሪፕት ይሰራል። በየጊዜው መጻፍ እንዳይሰለችሽ ፋየርፎክስ ላይ Settings ከዛ Search ገብተሽ አዲስ ሰርች ኢንጂን ጨምሪ የሚለው ላይ ይሄን አስገቢ፦

```
https://lite.duckduckgo.com/lite/?q=%s
```

%s የሚለው ቦታ ላይ አንቺ የጻፍሽው ቃል ይገባል። ከዛ ዲፎልት አድርጊው፣ አድራሻ ሳጥኑ ላይ የምትጽፊው ሁሉ በዚህ ይሄዳል። በአማርኛ ስትፈልጊ ግን ውጤቱ ከጎግል ያንሳል፣ ይሄን እወቂው። የማገኘው ሲጠፋ አንድ ሁለት ቃል በእንግሊዝኛ እቀላቅልበታለሁ።

ቃልኪዳን_መ
ለዊኪፒዲያ ማንም አልመለሰላትም መሰለኝ። እኔ ተማሪ ነኝ፣ የምጠቀመው ኪዊክስ የሚባል አፕ ነው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሺ አንዴ ታወርጂውና ከዛ ያለ ምንም ኔትወርክ ነው የምታነቢው፣ ሰርቹም ውስጡ አለ። ስታወርጂ ግን ምርጫው ላይ ተጠንቀቂ፣ ለአንድ ቋንቋ ብዙ ፋይል ነው ያለው። maxi የሚለው ከነፎቶው ነው፣ nopic ሙሉ ጽሁፍ ያለ ፎቶ፣ mini ደግሞ የየጽሁፉ መግቢያ ብቻ። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ራሱ ትንሽ ስለሆነ ከነፎቶውም አያስቸግርም፣ የእንግሊዝኛው ሙሉው ግን የአንድ ተራ ስልክ ማስቀመጫ አይችለውም። እዛው ውስጥ በትምህርት ዘርፍ የተለዩ ፋይሎችም አሉ፣ እኔ የህክምናውን ብቻ ነው ያወረድኩት፣ በቂዬ ነው። የወረደው ያለፈው ጊዜ ቅጂ ስለሆነ አዲስ ነገር አይኖረውም፣ ለጥናት ግን ምንም አይልም።

ኦንላይን ማንበብ ካለብሽ ደግሞ የዊኪፒዲያው አፕ ሴቲንግ ውስጥ Show images የሚለውን አጥፊው።

አማኑኤል_አ
እኔ ማየት የተሳነኝ ነኝ፣ በስክሪን ሪደር ነው የማነበው፣ ኔትወርኬ ጥሩ ነው ግን እነዚህን ገጾች ለሌላ ምክንያት እወዳቸዋለሁ። ሙሉው ገጽ ላይ ዜናው ጋ ለመድረስ ስንት ሊንክና ማስታወቂያ ይነበብልኛል፣ ላይቱ ላይ ቶሎ ርዕሱ ጋ እደርሳለሁ። የ.lite ነገር አላውቅም ነበር፣ አሁን ሞከርኩት፣ አመሰግናለሁ ዳመና። ጥያቄ አለኝ፣ በየዜናው አድራሻ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ጫፉ ላይ መጻፍ ለእኔ ረጅም መንገድ ነው፣ የሚያሳጥረው ነገር አለ?

ናቲ_ኮድ
አለ አማኑኤል። አንድ ቡክማርክ ፍጠር፣ ማንኛውም ገጽ ይሁን፣ ከዛ ኤዲት አድርገህ ስሙን ላይት በለው፣ አድራሻው ቦታ ላይ ያለውን አጥፍተህ ይሄን አስገባ፦

```
javascript:location.href=location.origin+location.pathname.replace(/\/$/,'')+'.lite'
```

ቢቢሲ ላይ አንድ ዜና ከፍተህ ስታበቃ ክሮም አድራሻ ሳጥን ላይ ላይት ብለህ ጻፍ፣ ቡክማርኩ ከታች ይወጣል፣ እሱን ስትመርጥ ገጹ ይቀየራል። ከቡክማርክ ዝርዝር ገብተህ ብትነካው ክሮም ስልክ ላይ አይሰራም፣ በመጻፍ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ላይ ግን ቡክማርክ ባር ላይ አስቀምጠህ መጫን በቂ ነው።

ይሄ ግን ሙሉው ገጽ መከፈት ከጀመረ በኋላ ነው የሚቀይረው፣ ስለዚህ ላንተ መንገድ ያሳጥራል እንጂ ለብርሃን ያን ያህል ዳታ አያተርፍም። ለእሷ የሚሻለው bbc.com/amharic.lite ን ራሱን ቡክማርክ አድርጋ ሁልጊዜ ከዛ መጀመር ነው።

ብርሃን_ተ
እንደዛ አደረግኩት፣ ሆም ስክሪን ላይም አወጣሁት።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ለስራ ማመልከቻ የምገባበት ሳይት አለ፣ ላይት የለውም፣ ጃቫስክሪፕት ሳጠፋ ባዶ ነው፣ ኦፔራ ሚኒ ላይ ደግሞ ፎርሙ አይሄድም፣ ፓስወርድም ስላለው አልወደድኩትም። ይሄኛውን ምን ላድርገው?

ዳመና
ይሄኛው ከባድ ነው ብርሃን፣ በሩን የዘጉት እነሱ ናቸው። የሚቀንስልሽ ነገር ብቻ ነው የምነግርሽ። ጃቫስክሪፕቱን መልሺው፣ የፎቶና የፎንት ክልከላውን ግን እንዳለ ተይው፣ ማስታወቂያና ቆጠራውም እንደተከለከለ ይሁን። ሁልጊዜ በዛው ብራውዘር ግቢ፣ ኢንኮግኒቶ አትጠቀሚ፣ ካሹንም አታጽጂ፣ ያ ትልቁ ስክሪፕት አንዴ ከወረደ እነሱ እስኪቀይሩት ድረስ ስልክሽ ላይ ይቆያል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ነው የሚያስቸግረው፣ እሱን ኔትወርክ የተሻለ የሚሆንበት ሰዓት ላይ አድርጊው። የምትሞዪውን ጽሁፍ ሁሉ ኖት ላይ ጽፈሽ አዘጋጅተሽ ግቢና ኮፒ አድርጊ፣ መሀል ላይ ቢቋረጥ የጻፍሽው እንዳይጠፋ።

ሳሚ_ኦ
ኦፔራ ሚኒ ላይ ከExtreme ወደ High ቀይሪውና ፎርሙን ሞክሪው፣ ለኔ እንደሱ የሄደ አለ።

ሰላም_የ
High ላይ ፓስወርድ የሚገባበት ገጽ በሰርቨሩ በኩል ያልፋል ወይስ በቀጥታ ነው የሚሄደው? እርግጠኛ የሆነ ሰው ካለ ይንገረን።

ናቲ_ኮድ
ብርሃን፣ እሱ እስኪጣራ የዳመናን መንገድ ያዢ። ለሳይቱ ባለቤቶችም ጻፊላቸው፣ ገጹ በምን አይነት ኔትወርክ ላይ እንደማይከፈትና የትኛው ቦታ ላይ እንደሚቆም ለይተሽ። እኛ የምንሰራው ሰዎች ፈጣን ኔትወርክ ላይ ሆነን ስለምንሞክረው ካልተነገረን አናየውም።

ብርሃን_ተ
እሺ፣ ማታ ኔትወርኩ ሻል ሲል እገባና የትኛው ጋ እንደሚቆም አይቼ እዚሁ እጽፋለሁ።